ሠላሳ ዓመት በዓይኑ ዐ

ዛሬ የማነብላችሁ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት አገልግለው በጡረታ የተሰናበቱ አንድ ጸሐፊ ለባልደረቦቻቸው የተዉት ደብዳቤ ነው። ነገሩ የሚያጠነጥነው ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ልዩ ልዩ በሆኑ ፊደላት ላይ ስለሆነ በሬዲዮ ማንበቡ ራሱ ከቀልድ የሚቆጠር ነው፤ ደግነቱ ጸሐፊው የየፊደሉን ስም ጠርተውልናል።

«ጉዳዩ፦ ስንብትንና ኑዛዜን ይመለከታል።

የተወደዳችሁ የመዝገብ ቤት ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በ1986 ዓ.ም. ከቅኔ ቤት ወጥቼ፣ ቁም ጽሕፈቴ ስላማረ ብቻ በገቢና በወጪ ደብዳቤ መዝገብ ላይ ከተሰየምሁበት ዕለት ጀምሮ ሃሌታው ሀ ከሐመሩ ሐ፣ ንጉሡ ሠ ከእሳቱ ሰ እንዳይደባለቅ ስጮኽባችሁ መኖሬን አልክድም። ጩኸቴ ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። የሠራተኛው የግል ማኅደር የሚደረደረው በስሙ የመጀመሪያ ፊደል ነውና፣ ሃሌታው ሀ በመጀመሪያው ቁም ሣጥን ራስጌ ሲቀመጥ፣ ብዙኃኑ ኀ ግን ርቆ በቸ እና በነ መካከል ይውላል። እንግዲህ አንዱ በአንደኛው ጽፎ ሲያስቀምጥ ሌላው በሁለተኛው ቢፈልግ፣ ማኅደሩ ሳይጠፋ ጠፋ ይባላል፤ ባለጉዳዩም «ነገ ተመለስ» እየተባለ ጫማው ያልቃል። አንድ ማኅደር በእውነት መጥፋቱን ከመጻፋችሁ በፊት ሦስቱንም ሀዎች፣ ሁለቱንም ሰዎች (የፊደሎቹን ነው የምለው)፣ አልፋውን አ እና ዓይኑን ዐ ፈትሹ ብዬ ስንት ጊዜ ለፈፍሁ!

አሁን ኑዛዜው ይከተላል። የጡረታ ወረቀቴ ሊሞላ የግል ማኅደሬ በተጠየቀ ጊዜ፣ ስሜ በብዙኃኑ ኀ የሚጀምር ነውና በዚያው መደርደሪያ ብፈልግ አጣሁት። ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ በእናንተ ላይ የወረደውን የቁጣ መዓት ታስታውሳላችሁ፤ ያችን የዋህ ታይፒስታችንን እንኳ «አንቺ ነሽ ያጠፋሽው» ብዬ አስለቅሻታለሁ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ማኅደሩ ከሃሌታው ሀ መካከል፣ ከአንድ በዕረፍት ላይ ካለ ሾፌር ማኅደር ሥር ተገኘ። በላዩ ላይ ያለው ጽሕፈት እጅግ ያማረ ነበር፤ የኔው ነበርና! በተቀጠርሁበት ሳምንት አስተዳደሩ ስሜን በሃሌታው ሀ ጽፎ ሲሰጠኝ፣ ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ እንዳለ ገልብጬው ኖሯል። ይኸውም ሠላሳ ዓመት ስከስሳችሁ የኖርሁበት ኃጢአት የመጀመሪያው በደለኛ እኔ ነበርሁ ማለት ነው። ታይፒስታችን ያን ዕለት ምንም ሳትናገር ሻይ አዘዘችልኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህም በመሸኛዬ ዕለት በሰጣችሁኝ የምስጋና ወረቀት ላይ «ለሠላሳ አመት» ተብሎ በአልፋው አ መጻፉን አይቼ ዝም አልሁ። በዓይኑ ዐ ቢሆን ዘመን ነበር፤ በአልፋው ግን በግእዝ ገረድ ማለት ነውና፣ መሥሪያ ቤቱ ለሠላሳ ገረድ ያመሰገነኝ ሆኖ ተገኝቷል። ባለቤቴ ግእዝ ስለማታውቅ ወረቀቱ በመስታወት ገብቶ ሳሎን ተሰቅሏል።

ስለ ጡረታ አበሉ ለጠየቃችሁኝ ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ ይጨመራል። ሃያው ዓመት 25 ይሆናል፤ ድምሩ 55 ከመቶ፣ እሱም ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። የሻይ ቤቷ እመቤትም ይህን ሕግ ተቀብላ የቀረብኝን ዕዳ በ55 ከመቶ እንድታስበው ጠይቄ ነበር፤ እርስዋ ግን አዋጁ አይመለከተኝም አለችና ሙሉውን ከፍያለሁ።

ክሊራንሱን ጨርሼ ማኅተሙን፣ የወጪ መዝገቡንና ስቴፕለሩን አስረክቤአለሁ። በርክክቡ ሰነድ ያልሰፈረ አንድ ነገር ቀርቷል፦ የሦስተኛው ቁም ሣጥን በር የሚከፈተው ቁልፉ ወደ ግራ ከዞረ በኋላ መዝጊያው በጉልበት ትንሽ ከፍ ሲደረግ ነው።»