ዳሳሾችን በሚልኩት ምልክት መመደብ



የኢንዱስትሪ ዳሳሾችን አብዛኛውን ጊዜ የምንመድባቸው በሚለኩት ነገር ነው፤ የሙቀት፣ የግፊት፣ የፍሰት እያልን። እኔ ዛሬ የምከተለው አመዳደብ ሌላ ነው፦ ዳሳሹ በሽቦው ላይ የሚልከው ምልክት ምን ዓይነት ነው? ይህን የመረጥሁት፣ ብልሽት ሲደርስ ስሕተቱ መገለጡ ወይም መደበቁ በአመዛኙ በምልክቱ ዓይነት ስለሚወሰን ነው።

ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፒር የሚልክ የግፊት ዳሳሽ እንውሰድ። ከ0 እስከ 10 ባር እንዲለካ ከተስተካከለ፣ 4 ሚሊአምፒር ዜሮ ባር፣ 12 ሚሊአምፒር ደግሞ 5 ባር ማለት ነው። ሽቦው ቢበጠስ ጅረቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ዜሮ ሚሊአምፒር የየትኛውም ግፊት ምልክት ስላልሆነ ብልሽቱ ራሱን ያጋልጣል። ፐልስ የሚልክ የፍሰት ቆጣሪ ግን ይህ ጸጋ የለውም፤ ለሚቆጥረው መሣሪያ የተበጠሰ ሽቦና የቆመ ውሃ አንድ ናቸው።

በእኔ ግምት ከሁሉም ተንኮለኛው ቴርሞካፕል ነው። የኬ ዓይነት ቴርሞካፕል ለአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያመነጨው 41 ማይክሮቮልት ገደማ ብቻ ነው። የሚነግረንም የእቶኑን ሙቀት ሳይሆን በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ነው። ስለዚህ መቆጣጠሪያው ሽቦው በሚገባበት ቦታ ያለውን ሙቀት ራሱ ለክቶ ይደምርበታል።

እንግዲህ እቶኑ 800፣ በእቶኑ ግድግዳ ላይ ያለው የማገናኛ ሳጥን 60፣ መቆጣጠሪያው 25 ዲግሪ ላይ ናቸው እንበል። ከሳጥኑ እስከ መቆጣጠሪያው ለኬ ዓይነት የተሠራው ማራዘሚያ ገመድ መዘርጋት ሲገባው፣ አንድ ጠጋኝ ተራ የመዳብ ሽቦ ዘረጋበት። አሁን ቴርሞካፕሉ የሚያበቃው 60 ዲግሪ ላይ ነው። ወደ መቆጣጠሪያው የሚደርሰው 33.28 ሲቀነስ 2.44፣ ማለትም 30.84 ሚሊቮልት ይሆናል። መቆጣጠሪያው ግን ቴርሞካፕሉ እስከ እርሱ የደረሰ መስሎት የ25 ዲግሪውን 1 ሚሊቮልት ብቻ ይጨምራል። ድምሩ 31.84 ሚሊቮልት በሰንጠረዡ 765 ዲግሪ ነው። 800 እንዲሆን የታዘዘው መቆጣጠሪያ ማንደዱን ይቀጥላል፤ ስክሪኑ 800 ሲያሳይ እቶኑ 835 አካባቢ ደርሷል። የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ የለም፤ ቁጥሩ ያማረ ነው።

ይባስ ብሎ፣ ጠዋት እቶኑ ቀዝቃዛ ሳለ ብንፈትሸው ሳጥኑና መቆጣጠሪያው እኩል ሙቀት ላይ ስለሚሆኑ ስሕተቱ ይጠፋል። ቀዝቃዛውን እቶን ፈትሸው «ትክክል ነው» ብለው የፈረሙ ሰዎችን አልወቅስም፤ ንባቡ በዚያች ሰዓት በእርግጥ ትክክል ነበር።

የምጠቀምበት ፈተና ቀላል ነው። የእቶኑ ሙቀት ጸንቶ ሳለ ሳጥኑን ብቻ በሞቃት አየር ማሞቅ። ተገቢው ገመድ ካለ ንባቡ ባለበት ይቆያል። መዳብ ከሆነ ሳጥኑ በሞቀ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ይወርዳል።