መካከለኛው ዕጣ የሚወድቅበት ስፍራ



ኅዳር 22 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ዲሴምበር 1 ቀን 1969፣ በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን አንድ ዕጣ ወጣ። ዕጣው የገንዘብ ዕጣ አልነበረም። በዚያን ጊዜ አሜሪካ በቬትናም ትዋጋ ስለ ነበር፣ ከ1944 እስከ 1950 ከተወለዱት ወጣቶች መካከል ማን አስቀድሞ ለውትድርና እንደሚጠራ የሚቈርጥ ዕጣ ነበር። የዓመቱ 366 ቀኖች እያንዳንዳቸው በወረቀት ተጽፈው በየአንዳንዱ ሰማያዊ የፕላስቲክ እንክብል ውስጥ ገቡ። እንክብሎቹም ከአንድ ረዥም የብርጭቆ ዕቃ አንድ በአንድ በእጅ ወጡ። መጀመሪያ የወጣው ቀን ሴፕቴምበር 14 ነበር፤ በዚያ ቀን የተወለደ ወጣት ሁሉ 1ኛ ቍጥር ደረሰው። ቍጥሩ ያነሰ ሰው አስቀድሞ ይጠራል፤ ቍጥሩ የበዛው ግን ጨርሶ ሳይጠራ የመቅረት ተስፋ ነበረው።

ዕጣው ከወጣ በኋላ ሰዎች ቍጥሮቹን በየወሩ ለይተው መመርመር ጀመሩ። የዲሴምበር ወር 31 ቀኖች የደረሷቸው ቍጥሮች ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲሰለፉ፣ በመካከል የቆመው 16ኛው ቍጥር 100 ሆኖ ተገኘ። ከ1 እስከ 366 ያለው ቍጥር እኩሌታ ግን 183 ተኩል ነው። እንግዲህ በዲሴምበር የተወለዱት ወጣቶች ከእኩሌታው የሚበልጡት ከ100 ባልበለጠ ቍጥር ተይዘው ነበር ማለት ነው። ይህ ርቀት የአጋጣሚ ነውን? ወይስ የዕጣው አወጣጥ ጕድለት ነበረበት? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት፣ በትክክል በወጡ ዕጣዎች መካከል የሚቆመው ዕጣ ከእኩሌታው ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ነገሩን ከትንሹ መጀመር ይሻላል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ማስመሪያ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ፣ በላዩ 5 ነጥቦች በዕጣ ይወድቁበታል እንበል። ማንኛውም ነጥብ በማንኛውም ስፍራ የመውደቅ ዕድሉ እኩል ነው፤ አንዱም በሌላው አይመራም። ነጥቦቹ ከወደቁ በኋላ ከግራ ወደ ቀኝ ይቈጠሩና ሦስተኛው መካከለኛ ይባላል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉበት አንድ አሳብ አለ። እያንዳንዱ ነጥብ በሁሉም ስፍራ እኩል ዕድል ካለው፣ መካከለኛውም በሁሉም ስፍራ እኩል ዕድል ሊኖረው ይገባል ይላሉ። አሳቡ የሚመስል ቢሆንም ትክክል አይደለም። የተሰለፈ ዕጣ ያልተሰለፈውን ዕጣ አይመስልም፤ ነጻነቱን በመሰለፉ አጥቷል። ሦስተኛው ነጥብ በ90ኛው ሳንቲ ሜትር ላይ መቆሙ ከታወቀ፣ አራተኛውና አምስተኛው በቀሩት 10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ለመጨናነቅ ይገደዳሉ። እንዲህ ያለው ነገር ሊሆን ይችላል፤ የሚሆነው ግን በጥቂቱ ነው።

ምን ያህል በጥቂቱ እንደ ሆነ በመቍጠር ብቻ ይገኛል። የማስመሪያው ርዝመት 1 ይባል፤ መካከለኛው ነጥብ በ x ላይ፣ ይኸውም በ x ዙሪያ ባለች በጣም ጠባብ ክፍል ውስጥ ወደቀ እንበል። ከ5ቱ ዕጣዎች በዚያች ጠባብ ክፍል የሚገባው ማንኛውም ሊሆን ስለሚችል 5 ምርጫ አለ። ከቀሩት 4 ዕጣዎች 2ቱ በግራ፣ 2ቱ በቀኝ መሆን አለባቸው፤ በግራ የሚሆኑትን ለመምረጥ 6 መንገድ አለ። 5 በ6 ሲባዛ 30 ይሆናል። አንድ ዕጣ ከ x በግራ የመውደቅ ዕድሉ x ነው፤ በቀኝ የመውደቅ ዕድሉ ደግሞ 1 - x ነው። ስለዚህ መካከለኛው በ x ዙሪያ የሚከማችበት መጠን እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦

```
30 x^2 (1-x)^2
```

በእኩሌታው ላይ፣ x = 0.5 ሲሆን፣ ይህ ቍጥር 1.875 ይሆናል። ለአንድ ብቻውን ለወጣ ዕጣ ግን በሁሉም ስፍራ 1 ነው። ወደ ጫፉ ሲቀርብ፣ x = 0.1 ላይ፣ ወደ 0.243 ይወርዳል። መካከለኛው እንግዲህ ወደ እኩሌታው ይሰበሰባል፤ ከጫፎቹም ይሸሻል። ዕጣዎቹ n ሲሆኑ፣ k ኛው በ x ላይ የሚቆምበት መጠን በዚሁ አቈጣጠር የሚከተለው ነው፦

```
n! / ((k-1)! (n-k)!) * x^(k-1) * (1-x)^(n-k)
```

ሊቃውንት ይህን የሥርጭት ዐይነት በግሪክ ፊደል ቤታ ብለው ይጠሩታል። ስሙ እንግዳ ቢመስልም፣ ከላይ እንደ ታየው ከግራና ከቀኝ ያሉትን ዕጣዎች ከመቍጠር የተለየ ምስጢር የለበትም።

ተማሪ ይህን በእጁ እንዲፈትነው ሁለተኛ መንገድ አለ፤ ይህኛው ለክፍል ሥራ ይበልጥ ይስማማል። መካከለኛው ከ0.4 በታች ይወድቃል ማለት ከ5ቱ ዕጣዎች ቢያንስ 3ቱ ከ0.4 በታች ወደቁ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጓሜ የለውም። ልክ 3 የመሆናቸው ዕድል 0.2304 ነው፤ 4 የመሆናቸው 0.0768፣ 5ቱም የመሆናቸው 0.01024 ነው። ድምሩ 0.31744 ይሆናል። በቀኝ በኩል ከ0.6 በላይ የመውደቅ ዕድሉም ከዚሁ ጋር እኩል ስለ ሆነ፣ በ0.4ና በ0.6 መካከል የመውደቅ ዕድሉ 0.365 ያህል ነው። ለአንድ ዕጣ ይህ ዕድል 0.2 ብቻ ነበር፤ ከ3 ዕጣዎች ለሚመረጥ መካከለኛ ደግሞ 0.296 ነው። የዕጣው ቍጥር ሲጨምር መሰብሰቡ ይጨምራል፤ ነገር ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት ፈጥኖ አይጨምርም።

መካከለኛው ከእኩሌታው ዘወትር የሚርቅበትን ልክ፣ የስታቲስቲክስ ሰዎች መደበኛ ልይይት የሚሉትን፣ ከዚሁ ቀመር ማውጣት ይቻላል። ዕጣዎቹ n ሲሆኑና n ጎዶሎ ቍጥር ሲሆን፣ ልኩ እንዲህ ነው፦

```
1 / (2 * sqrt(n+2))
```

ለ5 ዕጣ 0.189 ይሆናል። ለ31 ዕጣ 0.087 ይሆናል። እንግዲህ ወደ ዋሽንግተኑ ዕጣ መመለስ ይቻላል።

የዲሴምበር ቀኖች 31 ናቸው፤ ማስመሪያውም ባለ 366 ክፍል ነው። 0.087 በ366 ሲባዛ 32 ያህል ይሆናል። በትክክል የተደባለቀ ዕጣ ቢሆን ኖሮ፣ የወሩ መካከለኛ ቍጥር ከ183 ተኩል 32 ያህል ቢርቅ የሚያስገርም አይሆንም ነበር። የራቀው ግን 83 ተኩል ነው፤ ይህም ከዘወትሩ ርቀት ሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። በሁለተኛው የአቈጣጠር መንገድ፣ ከ31 ዕጣዎች ቢያንስ 16ቱ ከ100 ሳይበልጡ የመውደቃቸው ዕድል ሲሰላ፣ ከ1000 ጊዜ 4 ያህል እንኳ አይሞላም። በእርግጥ የዋሽንግተኑ ዕጣ ከማስመሪያው በአንድ ነገር ይለያል፤ አንድ ቍጥር ለሁለት ቀኖች አይደርስም። ይህ ልዩነት ግን የመካከለኛውን ርቀት ወደ 30 ተኩል ያህል ዝቅ ስለሚያደርገው፣ ጥርጣሬውን ያጠነክረዋል እንጂ አያላላውም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቸኵሎ መፍረድ አይገባም። ዲሴምበር የተመረመረው እንዲያው በአጋጣሚ ተነሥቶ አይደለም፤ ከ12ቱ ወራት ሁሉ ይልቅ ዝቅ ብሎ ስለ ታየ ነው። ከ12 ወራት መካከል የባሰውን መርጦ በእርሱ ብቻ መፍረድ፣ ዒላማውን ፍላጻው ከተተከለ በኋላ እንደ መሣል ነው። ከዚህ የተነሣ ዕድሉ በ12 ሊባዛ ይገባዋል፤ ሲባዛም ከ100 ጊዜ 4 ያህል ይሆናል። ይህም ጥርጣሬ ያሳድራል እንጂ ብቻውን ፍርድ ለመስጠት አይበቃም።

መካከለኛው ራሱም ድክመት አለው። ዕጣው በሁሉም ስፍራ እኩል ሲወድቅ፣ ቍጥሮቹን ሁሉ ደምሮ ማካፈል ይበልጥ ጥርት ያለ ምስክር ይሰጣል፤ የ31 ዕጣዎች አማካይ ከእኩሌታው ዘወትር የሚርቀው 19 ያህል ብቻ ነውና። የዲሴምበር አማካይ 121 ተኩል ነበር፤ ከእኩሌታው 62 ይርቃል፤ ይህም ከዘወትሩ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። መካከለኛው የ16ኛውን ዕጣ ስፍራ ብቻ ይነግራል፤ የሌሎቹን 30 ዕጣዎች ግን ከግራ ወይም ከቀኝ መሆናቸውን ብቻ ቈጥሮ፣ ምን ያህል እንደ ራቁ ሳይጠይቅ ያልፋቸዋል። ይህ ቸልተኛነቱ ጥቂት እጅግ የተሳሳቱ ቍጥሮች በሚገቡበት ሥራ ላይ ጠቃሚ ይሆናል። በንጹሕ ዕጣ ላይ ግን ምስክርነቱን ያሳንስበታል።

በመጨረሻ ክርክሩን የዘጋው አንድ ወር ሳይሆን የወራቱ ቅደም ተከተል ነው። ከጃንዋሪ እስከ ጁን ያሉት 6 ወራት አማካያቸው ሁሉ ከ183 ተኩል በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር ያሉት 6ቱ ደግሞ ሁሉም በታች ሆኑ። ከ12 ወራት 6ቱን ለመምረጥ 924 መንገድ አለ። 6 ወራት ብቻ ከእኩሌታው በላይ መሆን ቢኖርባቸው እንኳ፣ በትክክል የመጀመሪያዎቹ 6 መሆናቸው ከእነዚያ 924 መንገዶች አንዱ ብቻ ነው።

ምክንያቱም ከባድ ሆኖ አልተገኘም። እንክብሎቹ ወደ ሣጥኑ የገቡት በየወሩ ተራ ነበር፤ ጃንዋሪ አስቀድሞ፣ ዲሴምበር በመጨረሻ። ሣጥኑ ጥቂት ጊዜ ቢነቀነቅም፣ የመጨረሻዎቹን ወራት ከመጀመሪያዎቹ ጋር አዋሕዶ አልደባለቃቸውም። እንክብሎቹም ወደ ብርጭቆው ዕቃ ሲገለበጡ በዲሴምበር የተወለዱት በብዛት ከላይ በኩል ቀሩ፤ ዕጣ አውጪውም እጁን የሚሰድደው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይኞቹ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ጁላይ 1 ቀን 1970፣ ዕጣው እንደገና ሲወጣ አንድ ዕቃ በሁለት የሚሽከረከሩ በርሜሎች ተተካ። በአንዱ የዓመቱ ቀኖች፣ በሌላው ቍጥሮቹ ገቡ። በእያንዳንዱም ውስጥ እንክብሎቹ የተጨመሩት በወር ተራ ሳይሆን፣ አስቀድሞ በዕጣ ቍጥር ሰንጠረዥ በተወሰነ ቅደም ተከተል ነበር።