ሦስተኛ ቀን የደረሰ ትኩሳት
(ለአብነት መምህራንና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ከተደረገ ንግግር)



ትኩሳቱ 38.5 የደረሰ አዋቂ ሁሉ ወዲያው ወደ ሐኪም ይወሰድ አንልም። ሳልና ንፍጥ ያለበት፣ ውኃ የሚጠጣ፣ ሲጠይቁት በትክክል የሚመልስ ሰው ዐርፎ፣ ፓራሲታሞል እየወሰደ ሁለት ቀን ሊጠበቅ ይችላል። ባለ 500 ሚሊ ግራም እንክብል ከሆነ በየስድስት ሰዓቱ ከሁለት፣ በቀን ከስምንት አይበልጥም። ወባ ካለበት ቆላ የመጣ ግን በዚያው ዕለት ደሙ ይመርመር።

በስፋት ልናነሣው የወደድነው በየጎጆው የምናውቀውን በቅማል የሚተላለፍ ግርሻ ትኩሳት ነው። አንድ የሃያ ዓመት የቅኔ ተማሪ እንውሰድ። ሰኞ ብርድ ብርድ አለው፤ ራሱን አመመው፤ መገጣጠሚያውን ቆረጣጠመው። ሙቀቱ ሲለካ 38.5 ሆነ። ሳልም ንፍጥም የለውም። ፓራሲታሞል ለጥቂት ሰዓት ያበርድለታል፤ ትኩሳቱ ግን ተመልሶ ይነሣል። ረቡዕም እንዲሁ ከሆነ ሐሙስን ሳይጠብቅ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የጎጆ ጓደኛውም ታሞ ከሆነ ረቡዕም አይጠበቅ።

በልብስ ስፌት ውስጥ የሚኖረው ቅማል ሲጨፈለቅ ተሕዋሲው በተቧጨረ ቆዳ ይገባል፤ ከሳምንት ገደማ በኋላ ትኩሳቱ ይጀምራል። በአምስተኛው ቀን አካባቢ ያለ ሕክምናም በብዙ ላብ ሊወርድ ይችላል። ተማሪው ወደ ጉባኤው ይመለሳል፤ ሁሉም «ተሻለው» ይላል። ከሳምንት ያህል በኋላ ግን ያገረሽበታል።

የወባው ፈጣን ምርመራ ይህን በሽታ አያሳይም፤ ደሙ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ስለዚህ ትኩሳቱ መቼ እንደ ጀመረ፣ ወርዶ ተመልሶ እንደ ሆነ፣ ቅማል መኖሩን፣ ሌላ የታመመ እንዳለም ለባለሙያው ይነገረው። ቅማል አለብኝ ማለት የሚያሳፍረው ተማሪ ብዙ ነውና አብሮት የሚሄደው ሰው ይናገርለት።

አንቲባዮቲክ ገዝቶ በጎጆ መስጠት አደጋ አለው። መድኃኒቱ በገባ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተሕዋስያኑ በብዛት ሲሞቱ ብርቱ መንቀጥቀጥ ይነሣል፤ ትኩሳቱ ይንራል፤ ቀጥሎም የደም ግፊቱ እጅግ ሊወርድ ይችላል። በዚያ ሰዓት ባለሙያ በአጠገቡ ሊኖር ይገባል።

ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ከነሰረው፣ ከቀባዠረ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም የጠጣውን ሁሉ ካስታወከ ቀን አይቆጠርም፤ በሌሊትም ቢሆን ይወሰድ። ጾም ይዣለሁ ብሎ ውኃና መድኃኒት የሚተው ቢኖር የኔታ ይፍቀዱለት፤ ከእኛ ምክር ይልቅ የእርስዎን ቃል ይሰማል።

እርሱ በሕክምና ላይ ሳለ ልብሱና ጋቢው በፈላ ውኃ ይቀቀል፤ አብረውት የሚያድሩትም ልብሳቸውን በዚያው ቀን ይቀቅሉ።