ጥሪትን በዕድሜና በአቅም ልክ ስለ መደልደል



የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ ቈጥቦ ጥቂት ጥሪት ባከማቸ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ጥያቄ «አክሲዮን ልግዛ ወይስ በባንክ ላስቀምጥ?» የሚል ነው። ይሁን እንጂ መጠየቅ የሚገባው «ከጥሪቴ ስንት እጁ በአክሲዮን፣ ስንት እጁስ በተቀማጭ ይሁን?» ተብሎ ነው። አክሲዮን በረዥም ዘመን የማደግ ተስፋ አለው፤ ነገር ግን ባልታሰበ ዓመት ዋጋው ይወድቃል። የባንክ ተቀማጭ ቍጥሩ አይቀነስም፤ ነገር ግን የኑሮ ውድነት ከወለዱ በበለጠ ጊዜ የመግዛት ኀይሉ ቀስ በቀስ ይመነምናል። አንዱ በድንገት፣ ሌላው በዝግታ የሚጐዳ ስለ ሆነ፣ የሚበጀው ሁለቱን በልክ መደልደል ነው።

ከድልድሉ በፊት ግን ለብቻው የሚቀመጥ ገንዘብ አለ። ይኸውም ለድንገተኛ ችግር የሚሆን የስድስት ወር ያህል ቀለብና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለልጅ ትምህርት ወይም ለቤት ሥራ የሚፈለገው ገንዘብ ነው። ይህ በአክሲዮን ላይ ሊውል አይገባውም። የምንደለድለው ከዚህ የተረፈውን ነው።

የድልድሉ ልክ በሁለት መስፈሪያ ይገኛል። የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። በውጭ አገር የቈየ አንድ ቀላል ደንብ ከ100 ላይ ዕድሜዎን ቀንሰው የቀረው የአክሲዮን እጅ ይሁን ይላል። የ45 ዓመት ሰው እንደዚህ ደንብ ከመቶ 55 እጅ በአክሲዮን ይይዛል ማለት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ወጣት ዋጋ ቢወድቅበት እስኪያገግም ለመጠበቅም፣ ከደመወዙ አዲስ ገንዘብ ለመጨመርም ጊዜ አለው። በ60 ዓመቱ ጡረታ የሚወጣ ሰው ግን ደመወዙ ይቆማል፤ በወደቀ ዋጋ ለመሸጥም ይገደድ ይሆናል። ይህ ደንብ ስለ ሰውዬው ኑሮ ምንም አያውቅምና እንደ ሕግ አይያዝ። ለምሳሌ የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ ከመቶ 7፣ መንግሥት ደግሞ ከመቶ 11 ለጡረታ ያዋጣሉ፤ በየወሩ የሚከፈለው አበል በጠባዩ ወደ ተቀማጭ ይቀርባል። ስለዚህ አበሉ የተረጋገጠለት ሰው ጡረታ ከሌለው ነጋዴ ይልቅ ጥቂት ከፍ ያለ የአክሲዮን እጅ ሊሸከም ይችላል።

ሁለተኛው መስፈሪያ ኪሳራን የመሸከም አቅም ነው። ይህን አቅም በብር ቈጥሮ እንጂ በስሜት መለካት አይቻልም። የአሜሪካ ታላላቅ 500 ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2007 መገባደጃ እስከ 2009 መጀመሪያ ድረስ ከግማሽ በላይ ወድቆ ነበር። እንግዲህ «አክሲዮኔ በግማሽ ቢወድቅስ?» ብሎ መጠየቅ ከልክ ያለፈ ፍርሃት አይደለም። 400,000 ብር ጥሪት ያለውንና 16,000 ብር ደመወዝ የሚያገኘውን ያንኑ የ45 ዓመት ሠራተኛ እንውሰድ። ከባለቤቱ ጋር ተመካክሮ፣ የአምስት ወር ደመወዝ ማለት 80,000 ብር ቢጐድል ሳይደናገጥ እንደሚታገሥ፣ ከዚያ በላይ ቢሆን ግን እንቅልፍ እንደሚያጣ ተረዳ እንበል። 80,000 በእጥፍ ሲታሰብ 160,000 ይሆናል፤ ይህም የጥሪቱ ከመቶ 40 እጅ ነው። ዕድሜው 55 ቢፈቅድለትም አቅሙ የሚፈቅደው 40 ነውና፣ ከሁለቱ የሚያንሰውን ይይዛል። ልኩንም ከነምክንያቱ በወረቀት ይጻፈው።

ነገር ግን ገበያው የጻፍነውን ልክ አይጠብቅልንም። ለዚህም የአሜሪካው ታሪክ ይመስክር። እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ 100,000 ዶላር የነበረው ሰው 60,000ውን በ500ዎቹ ኩባንያዎች አክሲዮን፣ 40,000ውን በቦንድ አድርጎ ነበር እንበል። በዚያ ዓመት አክሲዮኑ ከመቶ 37 እጅ ያህል ወደቀ፤ ቦንዱ ከመቶ 5 እጅ ያህል ጨመረ። በዓመቱ መጨረሻ የቀረው ወደ 80,000 ዶላር ሲሆን፣ የአክሲዮኑ እጅ ከ60 ወደ 47 ወረደ። ሰውዬው 10,000 ዶላር ያህል ከቦንዱ አንሥቶ አክሲዮን በመግዛት ድልድሉን ወደ ቦታው ቢመልስ፣ በ2009 መጨረሻ ወደ 94,000 ዶላር ይኖረው ነበር። ምንም ሳይነካ ቢተወው 92,000 ያህል፣ ደንግጦ ሁሉን ወደ ቦንድ ቢያዞር ግን 85,000 ያህል ብቻ ይኖረው ነበር።

ከዚህ ሒሳብ የሚገኘውን ትምህርት በጥንቃቄ እንመልከት። በመለሰና በተወ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ትልቁ ልዩነት በሸሸና ባልሸሸ መካከል ነው። ገበያው ለብዙ ዓመታት እየወረደ ቢቀጥል ኖሮ የመለሰው ሰው ከተወው ይልቅ ይከስር ነበር። ስለዚህ ድልድልን ወደ ቦታው መመለስ ትርፍ ማብዣ ዘዴ ሳይሆን፣ ሸክሙን በተወሰነው ልክ መጠበቂያ ነው። ደግሞም ይህ ሁሉ የተነገረው ስለ ብዙ ኩባንያዎች ድምር ነው። የአንድ ባንክ ወይም የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ብቻ የያዘ ሰው፣ ዋጋው ስለ ወደቀ ብቻ እየጨመረ መግዛት አይገባውም፤ አንድ ኩባንያ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላልና።

በኛ አገር መመለሱ በምን መንገድ ይሁን? የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራውን የጀመረው በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ነው። በዚያ ያልተመዘገበ አክሲዮን በፈለጉት ቀን ገዥ ላይገኝለት ይችላል። ስለዚህ መሸጥ የመጨረሻው መንገድ ይሁን፤ የመጀመሪያው መንገድ አዲሱን ቍጠባና የትርፍ ድርሻውን ወደ ጐደለው ወገን መምራት ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ በመስከረም ይሁን እንበል፣ ጥሪትዎን ይቍጠሩ። አክሲዮኑን በቅርቡ በእውነት በተሸጠበት ዋጋ እንጂ በተመኙት ዋጋ አያስቡት። ከተጻፈው ልክ ከመቶ 5 እጅ ያላለፈ ልዩነት ከሆነ ይተዉት፤ ካለፈ ይመልሱት።

የኛ ሠራተኛ 160,000 ብር አክሲዮኑ በዓመቱ ወደ 120,000 ወረደበት፤ 240,000 የነበረው ተቀማጩ ደግሞ ከነወለዱ 255,000 ሆነ እንበል። ድምሩ 375,000 ነው፤ አክሲዮኑም ከመቶ 32 እጅ ሆኗል። ከ40 በ8 ስለ ጐደለ መመለስ አለበት። በወር 2,500 ብር የሚቈጥብ ከሆነ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ቍጠባ 30,000 ብር በሙሉ ወደ ልዩ ልዩ ኩባንያዎች አክሲዮን ይምራው። ዋጋዎቹ በቦታቸው ቢቈዩ፣ ከድምሩ 405,000 ብር አክሲዮኑ 150,000፣ ማለት ከመቶ 37 እጅ ይሆናል። ይህ በልኩ ውስጥ ስለ ሆነ አንዲት አክሲዮን ሳይሸጥ ድልድሉ ተመለሰ ማለት ነው። አክሲዮኑ ከልክ በላይ በጨመረበት ዓመት ደግሞ ቍጠባውን ሁሉ ወደ ተቀማጩ ያዞራል።

የተጻፈው ልክ ራሱ የሚለወጥበት ጊዜ አለ። ወደ ጡረታ በተጠጉ መጠን፣ በየአምስት ዓመቱ ከመቶ 5 እጅ ያህል ከአክሲዮኑ ቢቀንሱ ይገባል። ሕመም፣ የቤተሰብ መጨመር ወይም ከሥራ መለየትም ልኩን ያስለውጣሉ። የሚያሳስተው ግን በፍርሃት ዓመት ልኩን ዝቅ፣ በጥጋብ ዓመት ከፍ ማድረግ ነው። ልኩን ለመለወጥ ባሰቡ ጊዜ የጻፉትን ወረቀት አውጥተው፣ ከዚያ ወዲህ በኑሮዎ ምን እንደ ተለወጠ ይመርምሩ። የተለወጠው የገበያው ዋጋ ብቻ ሆኖ ከተገኘ፣ ወረቀቱን እንደ ነበረ መልሰው ያስቀምጡት።