ከፊት ጋሪ አለ

እሱ፦ ከሞጆ ወደ ባቱ ስነዳ መሸብኝ። አጭሩን መብራት አብርቼ በ80 ስሄድ ድንገት ጋሪ ከፊቴ ድቅን አለ። ለጥቂት ነው የተረፍነው። ከኋላው መብራት ቀርቶ አንጸባራቂ እንኳ አልነበረውም።

እሷ፦ እንኳን ተረፋችሁ! ግን ጥፋቱን በባለጋሪው ላይ ብቻ አትጣል። በ80 ስትነዳ በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ትሄዳለህ። እግርህ ፍሬን እስኪረግጥ ያን ያህል ያልፍሃል። ከዚያ በደረቅ አስፋልት ላይ መኪናው እስኪቆም ሌላ 40 ሜትር ገደማ ይፈልጋል።

እሱ፦ አጭሩ መብራት የሚያሳየኝ ደግሞ ከ40 እስከ 50 ሜትር ነው።

እሷ፦ አየህ፣ ብታየውም በጊዜ መቆም አትችልም ነበር። በ50 ብትነዳ ግን 30 ሜትር ገደማ ይበቃሃል።

እሱ፦ ደንግጬ አጠገቡ ስደርስ ክላክስ አደረግኩ። ፈረሱ ወደ መሀል ዘለለ።

እሷ፦ የጋሪ ፈረስ ዓይኑ በግራና በቀኝ ስለሚጋረድ ከኋላ የሚመጣውን አያይም፤ የሚሰማው ድምፁን ብቻ ነው። ክላክስ ካስፈለገ ገና ከሩቅ፣ ያውም አጭር ይሁን። ከዚያ ቀዝቅዘህ፣ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ርቀህ እለፍ። ለብስክሌተኛም እንዲሁ፤ ጉድጓድ ሲሸሽ ወደ አንተ ይታጠፋልና።

እሱ፦ ከብትስ?

እሷ፦ ላሟ ተሻገረች ብለህ ነዳጅ አትስጥ። ጥጃዋ ማዶ ቀርታ ከሆነ እናቷን ተከትላ ትሮጣለች። የመጨረሻውን እረኛ እስክታይ ቁም።