የተማሪ ምሳ አሰፋፈር፤ ከአንድ ልጅ ድርሻ እስከ ሳምንት ትእዛዝ



በአገራችን የትምህርት ቤት ምገባ በዓለም የምግብ ፕሮግራም ርዳታ ከተጀመረበት ከ1994 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ከርዳታው እህል በተጨማሪ ከአካባቢው ገበሬ እየገዙ ማብሰልም ተለምዷል። እህሉ ከቅርብ ሲገዛ ግን፣ በየሳምንቱ ስንት ኪሎ ይምጣ የሚለው ጥያቄ በትምህርት ቤቱ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ዛሬ የምናገረውም ስለዚሁ ነው።

ለምሳሌ የሰሜን ወሎዋን የዋድላ ወረዳ ከተማ፣ ኮንን እንውሰድ። አገሩ ደጋ ስለ ሆነ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላና ምስር ይገኝበታል። የጾሙንም ሥርዓት ማክበር ግድ ነው። ረቡዕና ዓርብ ሌላ፣ በዐቢይ ጾም ሌላ የምግብ ዝርዝር ከማውጣት ይልቅ፣ ዓመቱን ሙሉ የጾም የሆነ ዝርዝር ቢወጣ ትእዛዙ አይናወጥም። ስለዚህ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የስንዴ ቅንጬ ከምስር ጋር፣ ማክሰኞና ሐሙስ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ ይሁን እንበል።

የአንድ ልጅ ድርሻ የሚለካው ከመብሰሉ በፊት፣ በደረቁ ነው። የበሰለው በውሃው ልክ ክብደቱ ስለሚለዋወጥ ለትእዛዝ መሠረት አይሆንም። በቅንጬው ቀን ለአንድ ልጅ ስንዴ 120 ግራም፣ ምስር 30 ግራም፣ ዘይት 8 ግራም፣ ጨው 3 ግራም እንመድብ፤ ይህ 580 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። በንፍሮው ቀን ስንዴ 100 ግራም፣ ባቄላ 50 ግራም፣ ጨው 3 ግራም ይሁን፤ ይህም 510 ካሎሪ ያህል ነው።

እንግዲህ ድርሻው በስንት ልጅ ይባዛ? ብዙ ጊዜ የሚሳተው እዚህ ላይ ነው። መዝገቡ 400 ተማሪ ይላል እንበል፤ ቢሆንም ባለፉት አራት ሳምንታት በየቀኑ የተቀመጡት ሳህኖች ሲቆጠሩ በአማካይ 360 ሆነው ይገኛሉ። ገበያ በሚውልበት ሐሙስ ደግሞ ልጆች ከወላጅ ጋር ስለሚወርዱ 310 ብቻ ይሆናሉ። መባዛት ያለበት በሳህኑ ቁጥር ነው።

ስሌቱ እንደሚከተለው ነው። ቅንጬ ሦስት ቀን በ360 ሲባዛ 1080 ምሳ ይሆናል፤ ስንዴው 129.6 ኪሎ፣ ምስሩ 32.4 ኪሎ፣ ዘይቱ 8.6 ኪሎ ነው። ንፍሮው 360 እና 310 ሲደመር 670 ምሳ ነው፤ ስንዴው 67 ኪሎ፣ ባቄላው 33.5 ኪሎ ይሆናል። የሁለቱ ስንዴ ተደምሮ 196.6 ኪሎ ነው። እህሉ ሲለቀምና ሲበጠር ግን ጠጠርና ገለባ ይወጣለታል፤ ከመቶ አምስት ይጠፋል ብንል፣ 196.6ን ለ0.95 ስናካፍል ትእዛዙ 207 ኪሎ ስንዴ ይሆናል። በዚሁ አካሄድ ምስሩ 34፣ ባቄላው 35 ኪሎ ከሩብ ያህል ነው። ጨው 5 ኪሎ ከሩብ፣ ዘይት በሊትር 9 ተኩል ይበቃል። ከዚህ ላይ ካለፈው ሳምንት በመጋዘን የተረፈው ተመዝኖ ይቀነሳል።

በመዝገቡ ቁጥር ቢታዘዝ ኖሮ ስንዴው 236 ኪሎ ይሆን ነበር። ልዩነቱ በሳምንት 29 ኪሎ፣ በአራት ሳምንት ከአንድ ኩንታል በላይ ነው። ይህ ትርፍ ወይ በመጋዘን ይነቅዛል፣ ወይ ያለ ሒሳብ ይወጣል፤ የሚቀጥለው ወር ገንዘብ ግን ተበልቷል።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። በዐቢይ ጾም ትልልቆቹ ልጆች እስከ ሰዓታቸው ስለሚጾሙ ምሳው ቀደም ብሎ ከቀረበ የሳህኑ ቁጥር ይወርዳል። ይህን የጾም ወር ቁጥር ይዞ ከፋሲካ በኋላ ማዘዝ ልጆችን ያስርባል። ስለዚህ ከጾሙ በፊት የነበረው ቁጥር ተለይቶ ይቀመጥ።

ትእዛዙ ቢስተካከልም ድርሻው በጭልፋ ሊዛባ ይችላል። የመጀመሪያው ቀን ባዶ ድስቱ ይመዘን፤ ምግቡ ሲበስል እንደገና ይመዘን፤ ልዩነቱ ለተቆጠሩት ልጆች ይካፈል። ያን ክብደት በልኩ የሚይዝ ጭልፋ ተመርጦ ምልክት ይደረግበት። ሰልፉ ሳያልቅ ድስቱ ካለቀ ጭልፋው ከልክ በላይ ይሞላል ማለት ነው፤ ሁሉም በልተው ብዙ ከተረፈም የፊተኞቹ ድርሻ ጎድሏል።

በመጨረሻም ስለ ደጋው አንድ ነገር ልበል። ከ2500 ሜትር በላይ ውሃ 92 ዲግሪ ሳይሞላ ስለሚፈላ ባቄላው ቶሎ አይበስልም። ሌሊቱን በውሃ ካልተዘፈዘፈ እንጨቱ ይበዛል፤ ያልበሰለ ባቄላም ልጆቹ ይተዉታል። የተተወው እህል ደግሞ ስንት ኪሎ ታዝዞ እንደ መጣ በሚናገረው ወረቀት ላይ አይታይም፤ የሚታየው በሳህኑ ላይ ነው።