ስለቱን የሚፈታው ማን ነው?

አቅራቢ 1፦ የእነዋሪና የአካባቢው አድማጮቻችን፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይዘናል። የዋናውን ገጸ ባሕርይ የበዛብህን ሐዘን «የወላጅ ቃል ይከበር» ብለን ብናልፈው ምን እናጣለን?

አቅራቢ 2፦ እናቱን ነዋ፣ ጋሼ! ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት። እሳቸውም ባላቸው ቦጋለም ሞቱ፤ ስለቱ ግን አልሞተም። ሰብለ የምትባለውን ልጅ ሲወድ «ፍቱኝ» ብሎ የሚለምነው ሰው የለውም።

አቅራቢ 1፦ ይኼ ታዲያ ጸጸት እንጂ ሐዘን ነው?

አቅራቢ 2፦ ማን ለያቸው? እዚሁ እኛ ጋ ሰልስት ላይ አንዱ ደረቱን ይመታል፣ አንዱ ስለ መሬቱ ያንሾካሹካል፣ አንዱ የሟቹን ቀልድ አስታውሶ ይስቃል። ሁሉም ሐዘንተኛ ነው። በዛብህም እናቱን ይናፍቃል፣ ስለታቸውን ይፈራል፣ ልቡ ደግሞ ሰብለ ጋ ነው።

አቅራቢ 1፦ መጽሐፉን ሰብሰብ ብለው የሚያነቡ ወጣቶችስ በምን ይጀምሩ?

አቅራቢ 2፦ «ምን ተማራችሁ?» አይባሉ። «የሞቱት የበዛብህ ወላጆች አሁንም የሚያዙት የቱ ገጽ ላይ ነው?» ይባሉ። አንዱ የሚያወጣውን ገጽ ሌላው አያወጣውም፤ ክርክሩ ያን ጊዜ ይጀመራል።

አቅራቢ 1፦ እኔ እንኳ በውድነሽ እፈርዳለሁ።

አቅራቢ 2፦ እኔ አልፈርድም፤ ልጅ እንዳይሞትባቸው የፈሩ እናት ናቸው።